የመስከረሙ ንግግር ለማን ይደርሳል?

መካነ ኢየሱስ ላይ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልሄደም። የእስቴ ደጋ በአደይ ቢያጌጥም የትምህርት ቤት ግቢ ጭቃ ነው። ደወል ይደወላል፤ ተማሪው በየክፍሉ ይሰለፋል፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ኮፍያ ያደረገ ሁሉ ያወልቃል። መምህራኑ በአንድ በኩል ይቆማሉ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ የሚኒ ሚዲያውን ማይክራፎን ይይዙና «ውድ ተማሪዎቻችን፣ ውድ መምህራን፣ እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ» ይላሉ።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪ ይኖራል። የንግግሩን ድምፅ ይሰማል፣ የክፍሉ ሰልፍ ግን የት ጋ እንደሆነ የነገረው የለም። መስማት የተሳናት ተማሪ ትኖራለች። የምታየው ከሩቅ የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው ልጅ ጭቃው ስላላሳለፈው በር ላይ ቀርቷል። ቆዳዋና ዓይኗ ፀሐይ የማይችሉ፣ አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ኮፍያዋን አውልቃ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ከመምህራኑ መካከል ደግሞ ነጭ በትር የያዘ መምህር አለ።

ንግግሩ ወደ እነርሱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አካል ጉዳተኛ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን እንርዳቸው።» ጭብጨባ ይከተላል። ሰልፉ ይበተናል።

ይህ ጽሑፍ የአንድን ትምህርት ቤት ውሎ ወይም የአንድን ሰው ንግግር አይዘግብም። በደቡብ ጎንደር ዞንም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በየመስከረሙ የሚደጋገመውን ሰልፍ ይዞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ርእሰ መምህሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲሉ፣ ቃሉ እውነት እንዲሆን ከቃሉ በፊት ምን መሠራት አለበት? ንግግሩንስ ምን ብለው ቢናገሩት ይሻላል?

ነሐሴ ላይ የሚጀመር ንግግር

ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚልኩት ቅጽ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በጉዳት ዓይነት ይቆጥራሉ። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ቁጥሩን ያውቁታል። ቁጥሩ ግን ማን ምን እንደሚያስፈልገው አይናገርም። «ማየት የተሳነው፦ አንድ» ተብሎ የተመዘገበው ልጅ ብሬል ያነባል? ወይስ ትልልቅ ፊደል ከተጻፈለት በዓይኑ ያነባል? ሁለቱ ልጆች የሚፈልጉት ነገር ፈጽሞ አይገናኝም። የመጀመሪያው ብሬል ወረቀትና አንባቢ ይፈልጋል። ለሁለተኛው የፊት ወንበር፣ ጎላ ያለ ጽሑፍና ብርሃን የሚገባበት መስኮት ይበቃው ይሆናል።

ይህ የሚታወቀው ምዝገባ ላይ ነው። መዝጋቢው መምህር ልጁን ራሱን እንዴት እንደሚያነብና እንደሚጽፍ፣ ከቤቱ እንዴት እንደሚመጣ፣ ባለፈው ትምህርት ቤት ምን ጠቅሞት ምን እንዳስቸገረው ቢጠይቀው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ግን አብሮት የመጣው ዘመድ ነው። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ «ይችላል እንዴ?» ይባላል።

ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባን ዓይነ ስውር ልጅ እናስብ። እንደ ሌሎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ እሑድ ስንቁን ይዞ ይመጣል። ለሌላው ልጅ ይህ የእግር ጉዞ ነው። ለእርሱ ግን የሰው ጉዳይም ነው፤ አብሮት የሚሄድ የአገሩን ልጅ ማግኘት አለበት። ያ ልጅ የፈረቃው ሰዓት ከእርሱ ከተለየ፣ ወይም በሌላ ክፍል ከተመደበና የሚወጡበት ሰዓት ካልገጠመ፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከአንድ ወር በኋላ መቅረት ይጀምራል። መዝገቡ ላይ «ያለፈቃድ የቀረ» ተብሎ ይጻፍበታል። ክፍል ደልዳዩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ልጆች በአንድ ክፍል ቢጽፋቸው ኖሮ ችግሩ አይፈጠርም ነበር። ይህ አንድ ብር አያስወጣም።

> «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ክፍል ሲደለደል ነው።

ስለዚህ የንግግሩ የመጀመሪያ ክፍል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ማየት፣ መስማትና መንቀሳቀስ የተሳናቸው ተማሪዎችና መምህራን አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ ወደ መድረክም አልጋብዛቸውም፤ እንደ እናንተው ሊማሩና ሊያስተምሩ ነው የመጡት። የምነግራችሁ ትምህርት ቤቱ ምን እንዳዘጋጀ ነው።»

ስም አለመጥራቱ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ትዝታ አለ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ፊት ተጠርተው ይቆማሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዴ ገንዘብም ይዋጣል። የደግነት ሥራ ተብሎ የተደረገ ነው። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍል ጓደኛ መሆኑ ይቀርና የሚታዘንለት ሰው ይሆናል። የቤት ሥራ ባልሠራ ጊዜ እንኳ የሚቆጣው መምህር ያጣል።

ከበሽሎ ማዶ የተወለደች ልጅ

ከስማዳ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ የደቡብ ወሎ ሳይንት አለ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው እዚያ ነው፣ በ1974 ዓ.ም.። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። በቅርብ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ስላልነበረ ከአገሯ ርቃ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች። በኋላ አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷ በልጅነቷ ከመዳር እንዳዳናት በተለያዩ መድረኮች ተናግራለች።

ታሪኩ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ወላጅ ቅርብ ነው፣ አገሩ አንድ ነውና። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ርቀቱ ነው። ያን ጊዜ ከዚህ አካባቢ የሚነሳ ዓይነ ስውር ልጅ ብሬል ለመማር ሻሸመኔ ወይም ሰበታ መርሐ ዕውራን መሄድ ነበረበት። ይህ ከቤተሰብ መለየት ነው፤ እናትን በዓመት አንዴ ማግኘት ነው። አሁን ፖሊሲው ተለውጧል። ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይማር የሚለው «አካቶ ትምህርት» የትምህርት ሚኒስቴር አቅጣጫ ሆኗል። ለአንድ ጉድኝት ትምህርት ቤቶች አንድ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ይኑር፤ ብሬል፣ ምልክት ቋንቋና የልዩ ፍላጎት መምህር እዚያ ይገኝ የሚል አሠራርም ተዘርግቷል።

አካቶ ልጁን ወደ ቤቱ አቅርቦታል። ነገር ግን ልዩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበረው ብሬል የሚያውቅ መምህር፣ ወረቀትና መጽሐፍ አብሮ ካልመጣ፣ ልጁ የቀረበው ለቤቱ ነው እንጂ ለትምህርቱ አይደለም። የልዩ ፍላጎት ባለሙያዎች በጣም የሚያሳስባቸው ይኸው ነው።

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ይህ ምድር ዓይነ ስውርን ማስተማር አዲስ የሆነበት አገር አይደለም። ጋይንት የቤተልሔም ድጓ ማስመስከሪያና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ ያጠናል፣ መልሶ ያሰማል። ቅኔ በልብ ተቆጥሮ በቃል ይነገራል። በዚህ ሥርዓት ዓይኑ የማያይ ተማሪ ከጓደኛው የሚያንስበት ነገር ጥቂት ነው፤ ዓይነ ስውራን የቅኔ መምህራንም ወጥተውበታል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዕውቀቱን ሰሌዳ ላይ አወጣው። እንቅፋቱን የፈጠረው ሰሌዳው ከሆነ መፍትሔውም የሚጀምረው ከሰሌዳው ነው።

«ይሄን ከዚያ ስንቀንስ»

ክፍል ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። መምህሩ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ «ይሄን ከዚያ ስንቀንስ ይሄ ይመጣል፤ ግልጽ ነው?» ይላል። የሚያየው ተማሪ «አዎ» ይላል። ዓይነ ስውሩ የሰማው «ይሄ» እና «ያ» ብቻ ነው። መምህሩ ክፋት የለበትም፤ ማንም አልነገረውም።

ማስተካከያው መሣሪያ አይፈልግም። የሚጻፈውን እየጻፉ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። «ሁለት ኤክስ ሲደመር አምስት እኩል ይሆናል አሥራ አንድ።» ሥዕል ካለ ሥዕሉን በቃል መግለጽ፣ ካርታ ካለ «ጣና እዚህ ጋ» ከማለት «ጣና ከካርታው በሰሜን ምዕራብ» ማለት። ይህን ያደረጉ መምህራን የሚያዩትም ተማሪዎች የተሻለ ማስታወሻ እንደያዙ ይናገራሉ። በብዙ ቦታ ግን ሌላው መንገድ ይቀላል፤ ዓይነ ስውሩን ከሒሳብ ማውጣት። «ሒሳብ አይመለከትህም» ይባላል፤ በክፍለ ጊዜው ውጭ ይቀመጣል። በዚያ ውሳኔ የተፈጥሮ ሳይንስም የኢኮኖሚክስም በር አብሮ እንደሚዘጋበት የሚነግረው የለም።

ብሬሉም ዕውቀት ይፈልጋል። አንድ የብሬል ምልክት ስድስት ነጥቦች ካሉበት ሳጥን ይወጣል፤ ነጥቦቹን በመነሣትና ባለመነሣት ስልሳ ሦስት ዓይነት ምልክት ማግኘት ይቻላል። ይህ ለፊደል ገበታችን አይበቃም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ሆሄውንና አናባቢውን ለያይቶ ይጽፋል። ሳድስ ሲሆን ሆሄው ብቻውን ይቆማል፣ ሌላ ሲሆን የአናባቢው ምልክት ይከተለዋል። «ሰላም» በዓይን ሦስት ፊደል ነው። በጣት ግን አምስት ምልክት ነው፤ ለ«ሰ» ሁለት፣ ለ«ላ» ሁለት፣ ለ«ም» አንድ።

ተማሪው ይህን የሚጽፈው ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባለው ሰሌዳ መካከል አድርጎ በስታይለስ እየወጋ ነው። ነጥቡ የሚነሣው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፣ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ተራ የደብተር ወረቀት ቢጠቀም ይበሳል፤ የቀረው ነጥብም ከጥቂት ንባብ በኋላ ይተኛል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ መምህሩ በተለመደው ፍጥነት ማስታወሻ ቢያስጽፍ ልጁ አይደርስበትም፤ ጥፋቱም የስንፍና አይደለም። ሁለተኛው፣ ወረቀት ጥር ላይ ያልቃል። ትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀቱን ሲደለድል ጠመኔና ጽዳት ዕቃ ብሎ እንደሚጽፈው «ብሬል ወረቀት» ብሎ ካልጻፈ፣ ልጁ ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ያለ ደብተር ይማራል።

> የሚጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ አንድ ብር አያስወጣም፤ የአንድ ልጅ ዓመት ግን ያድናል።

ንግግሩ ወደ መምህራኑ ሲዞር፦

«መምህራን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን ሁሉ እያነበብን እንጽፋለን። ጽሑፍ እንዲነበብለት ለሚፈልግ ተማሪ በየክፍሉ አንባቢ ተመድቧል፤ አንባቢዎቹ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ማንም ተማሪ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲወጣ አይደረግም። የብሬል ወረቀት በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ ተይዟል።»

አንባቢ ይቀያየር የተባለው በምክንያት ነው። ሸክሙ በአንድ ጓደኛ ላይ ከወደቀ ያ ጓደኛ ይሰለቻል፤ ዓይነ ስውሩም ያንን እያወቀ «ድገምልኝ» ማለት ያፍራል። የፈተና አንባቢ ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ መምህር መሆን አለበት፣ የትምህርቱንም ቃላት መጥራት የሚችል። በእንግሊዝኛ የተጻፈን የባዮሎጂ ጥያቄ እየተደናቀፈ የሚያነብ ሰው ቢመደብ ልጁ የሚፈተነው ባዮሎጂ መሆኑ ይቀራል፤ የሚፈተነው ያ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ በመገመት ነው።

የሞላ ደብተር

መስማት የተሳናት ተማሪ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፣ ምክንያቱም አይታይም። ሰልፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ክፍል ውስጥ አትረብሽም፤ ደብተሯ ንጹሕና የሞላ ነው። መምህሩ ደብተሯን አይቶ «ጎበዝ» ይላል። ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጣለች፤ የተገለበጠው ግን ገብቷት ላይሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። በምልክት ላደገች ልጅ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛው ሦስተኛ። መለያው ቀላል ነው፤ ከደብተሯ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጦ ትርጉሙን በራሷ መንገድ እንድታሳይ መጠየቅ። ካልቻለች ደብተሩ መምህሩን እያታለለው ነው።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በወረዳ ከተማ ማግኘት ከባድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል፤ ተመራቂው ግን እስቴ ድረስ አይዳረስም። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤት የሚደገፈው የልጆቹ ወንድም ወይም እህት በሆኑ ተማሪዎች ነው። ርእሰ መምህሩ ይህን አውቀው ቢያንስ የሰልፉን ንግግር ማድረስ ይችላሉ። ምልክት የሚያውቅ ተማሪ ወይም መምህር ከአጠገባቸው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይቁም፤ ንግግሩ በጽሑፍ ቀድሞ ይሰጠው። የጠዋት ፀሐይ ከጀርባው እንዳትሆን ቦታው ይመረጥ፤ አለበለዚያ ከፊት ያለው ተማሪ የሚያየው ጥላ ነው፣ ጣቶቹን አይደለም። ተናጋሪውም በየዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ይቁሙ።

የጣት ፊደሉን ደግሞ ማንም መማር ይችላል። የእጁ ቅርጽ ሆሄውን ይነግራል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይለያል። የፊደል ገበታን ላወቀ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይደለም። የምልክት ቋንቋ ክበብ ባቋቋሙ ትምህርት ቤቶች የሚሰሙ ልጆች ቶሎ ይለምዱታል፤ በፈተና ክፍል እንዳይኮራረጁበት የሚሰጉ መምህራን እስኪኖሩ ድረስ።

«መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎቻችን፣ ይህ ንግግር በጽሑፍ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ደወል ሲደወል በየክፍሉ መብራት እናበራለን ወይም እጅ እናነሣለን፤ ደወሉን ያልሰማ ተማሪ ዘገየህ ተብሎ አይቀጣም።»

አንድ ደረጃ ስንት ነው?

በር ላይ የቀረው ልጅ ጉዳይ በስሌት ይፈታል። በተሽከርካሪ ወንበር ሰው ራሱን ችሎ የሚወጣበት መወጣጫ፣ አንድ ከፍ ለማለት አሥራ ሁለት ወደ ፊት መሄድ አለበት ይባላል። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ መወጣጫው አንድ ሜትር ከሰማንያ ይረዝማል። ሦስት ደረጃ ካለ ወደ አምስት ሜትር ተኩል ይጠጋል። ይህን ሳያሰሉ በር ላይ ሲሚንቶ ያፈሰሱ ትምህርት ቤቶች አሉ። መወጣጫው ቆሟል፣ ግን ቁልቁለቱ ገደል ነው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። መወጣጫው ላይ ልጁን ሁልጊዜ ሁለት ሰው የሚገፋው ከሆነ ያ መወጣጫ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (624/2001) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል፤ ነገር ግን ብዙው የገጠር መማሪያ ክፍል ከአዋጁ በፊት የተሠራ ነው።

ድንጋይና አሸዋ በእስቴ አይጠፋም፤ ወመተህ አስተባብሮ ግንበኛ መክፈልም ይቻላል። እስከዚያው ግን ፈጣኑ መፍትሔ ክፍሉን ማዛወር ነው። ልጁ ያለበት ምድብ ከፎቅ ወደ ምድር፣ ከዳገቱ ወደ በሩ አጠገብ ይውረድ። ልጁ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ ይዛወር። መጸዳጃ ቤቱም አብሮ ይታይ። ወንበሩ የማይገባበት መጸዳጃ ባለበት ትምህርት ቤት ልጁ ጠዋት ውኃ ሳይጠጣ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አይናገርም። ሴት ልጅ ከሆነች ነገሩ ይብሳል።

ኮፍያዋን ላወለቀችው ልጅ ደግሞ ግንበኛም አያስፈልግም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «በጤና ምክንያት ኮፍያ የሚያደርግ ተማሪ በሰልፍም በክፍልም አያወልቅም፤ ዘበኞችም ይህን ይወቁ።»

ነጭ በትር የያዘው መምህር

በኢትዮጵያ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ብዙ ዓይነ ስውራን መምህር ይሆናሉ። ታሪክ፣ ዜግነት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። አዲስ ወደ ወረዳ ትምህርት ቤት ሲመደቡ የሚገጥማቸው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ፣ እንዳይደክሙ»። ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ ሥራ አይሰጣቸውም። በዚህ ያለፉ መምህራን ከስድብ የበለጠ የሚያማቸው ይህ እንደሆነ ይናገራሉ።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ ሥራውን ለማከናወን የሚያስፈልግ ረዳት እንዲመደብም ያዛል። ይህ በትምህርት ቤት ሲተረጎም አንባቢ ማለት ነው። መምህሩ ክፍል ገብቶ ማስተማሩ ላይ ችግር የለበትም፤ ተማሪዎቹን በድምፃቸው ይለያል፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍለት ተማሪ ይመድባል። ጭንቁ የሚመጣው ከክፍል ውጭ ነው። የስድሳ ተማሪ የፈተና ወረቀት ማን ያነብለታል? ማርክ ሊስቱን ማን ይሞላለታል? ረዳት ካልተመደበ የተከራየበት ቤት ልጅ ወይም የራሱ ተማሪ ያነብለታል፤ የፈተና ምስጢርና የውጤት እምነት እዚያ ላይ ይላላል። ምልክቱን ማየት ይቻላል። ድርሰት የሚያስተምረው መምህር ለተማሪዎቹ ምርጫ ጥያቄ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንባቢ የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ከንግግሩ ሁሉ ለመናገር የሚከብደው ክፍል ይህ ነው፣ ተማሪው ፊት ይነገራልና፦

«ማየት የተሳናቸው መምህራችን እንደ ማንኛውም መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይዘዋል። ወረቀት የሚያነብላቸው ሠራተኛ ተመድቧል። በፈተና ሰዓት መኮረጅ የሚያስብ ተማሪ ካለ፣ ፈታኝ ሁለት እንደሚሆኑ ይወቅ። በመምህራችን አጠገብ ስታልፉ ወይም በሩ ላይ ስትቆሙ ዝም አትበሉ፤ ስማችሁን ተናገሩ።»

አንዳንድ ርእሳነ መምህራን ይህን ሲሰሙ «ረዳት ለመቅጠር የበጀት መደብ የለንም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የወረዳው በጀት ከደመወዝ አያልፍም። ሆኖም አዲስ ቅጥር ሳይኖር ከቢሮ ሠራተኛው የሥራ ሰዓት ውስጥ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለንባብ መመደብ ይቻላል። በጽሑፍ ከተመደበ መብት ነው፤ በቃል ከሆነ ግን ውለታ ይሆንና መምህሩ በየቀኑ ሲለምን ይኖራል።

ሰልፉ ላይ ለሌሉት

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ደቡብ ጎንደርም ከዚህ አልተረፈም። ትምህርት ሲቋረጥ ሁሉም ልጅ ይጎዳል፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም እኩል አይመለስም። የሚያይና የሚሰማው ልጅ ወሬውን ሰምቶ ይመጣል። መስማት የተሳናት ልጅ ትምህርት መጀመሩን የሚነግራት ያስፈልጋል። ዓይነ ስውሩ አብሮት የሚሄድ ጓደኛው ከተሰደደ መንገዱን አጥቷል። በጥይት ወይም በፍንዳታ እግሩን ያጣ ልጅም ሊኖር ይችላል፤ እርሱ ባለፈው ምዝገባ ቅጽ ላይ «ጉዳት የሌለበት» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚህም ሌላ በትምህርት ቤት ደጃፍ ጨርሶ ያልታዩ አሉ። በአካባቢው ትራኮማ ለረጅም ዘመን ሲያስቸግር ኖሯል፤ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንትን በትር ይዞ የሚመራው ብዙ ጊዜ ትምህርት የቀረበት ልጅ ነው። ጓዳ የሚውሉ አካል ጉዳተኛ ልጆችም አሉ። ወላጅ አይጠላቸውም፤ ሰው እንዳይስቅባቸው ይፈራል፣ የእርግማን ወሬም ይፈራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራቸው ሠራተኞችን ቤት ለቤት የሚልኩት ለዚህ ነው፤ ልጁ በቅጽ አይገኝም፣ ጎረቤት ነው የሚያውቀው።

ርእሰ መምህሩ ቤት ለቤት የሚልኩት ሠራተኛ የላቸውም። ፊታቸው የተሰለፈው ተማሪ ግን ከየቀበሌው የመጣ ነው፤ ዓርብ ወደየአገሩ ይመለሳል። የትኛው ቤት ማን እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ የንግግሩ መጨረሻ ለእርሱ ይሁን፦

«በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ትምህርት ያልጀመረ አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለ፣ ዓርብ ስንቅ ልታመጡ ስትሄዱ ለወላጆቹ ንገሩ። ምዝገባ አልቋል የሚላቸው የለም። ሰኞ ጠዋት ከልጁ ጋር ይምጡ፤ የምክትል ርእሰ መምህሯ ቢሮ በሩ አጠገብ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። መምጣት ካልቻሉ የቀበሌውን ስም ለክፍል ተጠሪያችሁ ስጡ፤ እኛ እንሄዳለን። አሁን ወደ ክፍላችሁ ግቡ። በር አጠገብ ያሉት ክፍሎች ቀድመው ይግቡ።»